የካልቨርት ጨረታ ሰነድ ወደ አማርኛ ሲተረጎም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መስከረም ከጠባ በኋላ ጎንደር ፒያሳ ያለችው ቢሮዬ የምትቀበለው ወረቀት ይለወጣል። ክረምቱን የልደት ካርድና የውክልና ትርጉም ስሠራ ከርሜ፣ ከዚያ የጨረታ ሰነድ ይመጣል። ዝናቡ የገጠሩን መንገድ ቆርጦት ሄዷልና ውሃን ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፍ ካልቨርት ይፈለጋል። ሰነዱ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው፤ ዋጋ የሚሞሉት ደግሞ ብዙዎቹ የአካባቢ ማኅበራትና አነስተኛ ተቋራጮች ናቸው። ጥያቄው የሚነሳው እዚህ መካከል ነው።

ከታች ያሉት አብረውኝ የሚሠሩ ተርጓሚዎች፣ ተጫራቾችና የግዥ ሠራተኞች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ናቸው። ምሳሌው ሁሉ አንድ ካልቨርት ነው፦ በደምቢያ ሜዳ የሚያልፍ የጠጠር መንገድ፣ ከሥሩ ውስጠ ዲያሜትሩ 900 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ አንድ መስመር የኮንክሪት ፓይፕ። ዋጋዎቹን ለማስረዳት ያህል ነው የያዝኳቸው፤ የገበያ ዋጋ አድርጎ የሚወስዳቸው እንዳይኖር።

ልዩነት ቢገኝ የሚጸናው የትኛው ነው፣ እንግሊዝኛው ወይስ አማርኛው?

ይህን የሚወስነው ተርጓሚው አይደለም፣ ሰነዱ ነው። አንዲት ቃል ከመተርጎም በፊት የተጫራቾች መመሪያውንና የውል ሁኔታዎቹን ገልጦ ስለ ቋንቋ የተጻፈውን አንቀጽ መፈለግ ይገባል። ለምሳሌ የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያወጣው መደበኛ የግንባታ ውል፣ የ1999 እ.ኤ.አ. የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ የሚባለው፣ በአንቀጽ 1.4 ላይ፣ ሰነዱ ከአንድ በላይ በሆነ ቋንቋ ሲዘጋጅ በጨረታው አባሪ ላይ የተሰየመው ቋንቋ እንደሚጸና ይናገራል። አባሪው ላይ ያ ቦታ ባዶ ሆኖ ካገኛችሁት ሥራውን አቁማችሁ አሠሪውን ጠይቁ። ባዶ ቦታ ኋላ ክርክር ነው።

የሚጸናው እንግሊዝኛው ከሆነ «እንግዲህ የአማርኛው ለመረጃ ያህል ነው» ብሎ ዘና የሚል ተርጓሚ አለ። እኔ አልስማማም። ሰው ዋጋ የሚሞላው ባነበበው ቋንቋ ነው፤ የሚጸናው ሌላኛው መሆኑ የሚታወሰው ገንዘቡ ከጎደለ በኋላ ነው።

ካልቨርትን በአማርኛ ምን ልበለው? «ቱቦ» አይበቃም?

አይበቃም። እኛ ዘንድ «ቱቦ» ሲባል አንዱ በመንገዱ ዳር ያለውን የውሃ መውረጃ ቦይ ይገነዘባል፣ ሌላው ፓይፑን ብቻ፣ ሦስተኛው ከቤት የሚወጣውን የፍሳሽ መስመር። «የቱቦ ቁፋሮ» የሚል ረድፍ ያየ ተጫራች በመንገዱ ርዝመት ሙሉ ቦይ እንዲቆፍር የተጠየቀ ሊመስለው ይችላል። «ካልቨርት» ግን ከግንበኛው እስከ መሐንዲሱ ሁሉም የሚያውቀው ቃል ነው። መንገዱን ከሥር አቋርጦ ውሃ የሚያሳልፈው ሥራ በሙሉ ካልቨርት፣ በውስጡ የሚቀበረው ፓይፕ፣ በመንገዱ ዳር የሚሄደው ቦይ፤ ሦስቱን አንዴ ለይታችሁ እስከ መጨረሻው አትለዋውጧቸው። ለጽሑፍ ውበት ብሎ ቃል መለዋወጥ ለልብ ወለድ ይሁን። በጨረታ ሰነድ ላይ ቃሉ ከተለወጠ አንባቢው ዕቃው የተለወጠ ይመስለዋል።

ከሳይት አፍ የሚገኙት ቃላት ይጠቅማሉ። ፌሮ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ፣ ሙሌት፣ ገረጋንቲ ቢሉ ሁሉም ይገባዋል። አንዱ ግን አደገኛ ነው፤ እሱም «አርማታ» ነው። ከጣልያንኛ ሲመጣ ትርጉሙ ብረት ያለው ኮንክሪት ማለት ነበር፤ በእኛ አፍ ግን ማንኛውም ኮንክሪት አርማታ ሆኗል። ስለዚህ ከፓይፑ ሥር የሚነጠፈውን ስስ ኮንክሪት፣ ሊን ኮንክሪት የሚሉትን፣ «አርማታ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንዱ ተጫራች ፌሮ አስልቶ ዋጋውን ያስወድዳል፣ ሌላው አያሰላም። ሁለቱም በቅን ልቦና ነው የሞሉት። እኔ «ብረት የሌለው ኮንክሪት» እና «ብረት ያለው ኮንክሪት» እያልኩ እጽፋለሁ። ቢረዝምም አያከራክርም።

በሥራ ዝርዝሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ረድፍ የቱ ነው?

ቁፋሮ። የሚገርመው፣ ሲያዩት ከሁሉ ቀላል የሚመስለው እሱ ነው።

የእኛን ካልቨርት እንውሰድ። የሚቆፈረው ጉድጓድ ወርዱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 12.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1.8 ሜትር ነው። ሲባዛ 45 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሰነዱ ቁፋሮን በጥልቀት ከፍሎ ሁለት ረድፍ አድርጎታል፤ አንዱ ከ0 እስከ 1.5 ሜትር፣ ሁለተኛው ከ1.5 እስከ 3 ሜትር። ተርጓሚው ሁለተኛውን «ጥልቀቱ ከ1.5 እስከ 3 ሜትር የሆነ ቁፋሮ» ብሎ ተረጎመው። አማርኛው ያምራል፤ ስህተት ግን ነው። በዚህ አማርኛ መሠረት ጉድጓዱ ጥልቀቱ 1.8 ሜትር ስለሆነ 45 ሜትር ኩቡ በሙሉ ሁለተኛው ረድፍ ውስጥ ይገባል። ሰነዱ ያለው ግን ሌላ ነው። ከመሬቱ ወለል እስከ 1.5 ሜትር ድረስ ያለው የጉድጓዱ ክፍል በመጀመሪያው ረድፍ፣ ከዚያ በታች ያለው ክፍል ብቻ በሁለተኛው ይለካል ነው የሚለው። ስለዚህ የመጀመሪያው 37.5 ሜትር ኩብ፣ ሁለተኛው 7.5 ሜትር ኩብ ነው።

ትክክለኛው አማርኛ፦ «ከተፈጥሮ መሬት ወለል በታች ከ1.5 ሜትር እስከ 3 ሜትር ባለው እርከን ውስጥ የሚገኘውን ክፍል መቆፈር።» ቁልፉ «ክፍል» የምትለዋ ቃል ናት። በእርግጥ ጉድጓዱን በጠቅላላ ጥልቀቱ የሚመድቡ ሰነዶችም አሉ። ስለዚህ ረድፉን ብቻ አይቶ መተርጎም አይቻልም። ስፔሲፊኬሽኑ ውስጥ ስለ ልኬትና ክፍያ የሚናገረውን አንቀጽ አጠገብ ዘርግቶ ነው። በሥራ ዝርዝሩ ላይ ያለው አንድ መስመር የዚያ አንቀጽ አጭር ስም እንጂ ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር አይደለም።

«ኤክስትራ ኦቨር» የሚለውን «ተጨማሪ ቁፋሮ» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ችግር አለው?

አለው፣ ትልቅ ችግር። ምናልባት ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የምታነብቡ ከሆነ ይህን አንብቡ።

በዚያው ካልቨርት 45 ሜትር ኩብ ቁፋሮ አለ ብለናል። ለአሁኑ የጥልቀቱን ክፍፍል እንተወውና በአንድ ነጠላ ዋጋ እንየው። ከዚህ ውስጥ 12 ሜትር ኩቡ አለት ነው ተብሎ ይገመታል። ሰነዱ ሁለት ረድፍ ያወጣል። የመጀመሪያው፣ ተራ ቁጥሩ 2.1 የሆነው፣ 45 ሜትር ኩብ ቁፋሮ ይላል። ሁለተኛው «ኤክስትራ ኦቨር» ብሎ 12 ሜትር ኩብ አለት ይላል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ አለቱም ቢሆን በመጀመሪያው ረድፍ ውስጥ አንድ ጊዜ ተቆጥሮ እንደ ማንኛውም አፈር ተከፍሎበታል። ሁለተኛው ረድፍ የሚከፍለው አለት በመሆኑ የመጣውን የዋጋ ልዩነት ብቻ ነው።

ተቋራጩ አፈር ለመቆፈር በሜትር ኩብ 300 ብር፣ አለት ለመፈንቀል 1,100 ብር ያወጣል እንበል። በሁለተኛው ረድፍ ላይ መሙላት ያለበት 800 ብር ነው። 45 በ300 ሲባዛ 13,500፤ 12 በ800 ሲባዛ 9,600፤ ድምር 23,100 ብር። አንድ በአንድ ብንቆጥረውም፣ 33 ሜትር ኩብ አፈር በ300 እና 12 ሜትር ኩብ አለት በ1,100፣ ያው 23,100 ይመጣል። ሒሳቡ ገጠመ።

አሁን ተጫራቹ «ተጨማሪ የአለት ቁፋሮ፣ 12 ሜትር ኩብ» የሚል ያነባል። ሁለት ነገር ሊያስብ ይችላል። አንድ፣ ከ45ቱ ሌላ 12 አለ፣ በጠቅላላው 57 ሜትር ኩብ ልቆፍር ነው። ሁለት፣ የአለት ዋጋ ተጠይቄያለሁ፣ ስለዚህ 1,100። በሁለቱም መንገድ የሚሞላው 1,100 ነው፤ ድምሩም 26,700 ይሆናል። ልዩነቱ በአንድ ካልቨርት 3,600 ብር ነው። በመንገዱ ላይ እንደዚህ ያለ 14 ካልቨርት ቢኖር 50,400 ብር። አሸናፊና ተሸናፊ በጥቂት ሺህ ብር በሚለያዩበት ጨረታ፣ በእንግሊዝኛው የሞላው አሸነፈ፣ በአማርኛው የሞላው ተሸነፈ ማለት ነው። በአማርኛው የሞላው ቢያሸንፍ ደግሞ አሠሪው በእያንዳንዱ የአለት ሜትር ኩብ ላይ የአፈሩን 300 ብር ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «በተራ ቁጥር 2.1 ከሚከፈለው ዋጋ በላይ፣ የተቆፈረው አለት በመሆኑ ብቻ የሚታከል የዋጋ ልዩነት።» አንድ ወጣት ተርጓሚ «ይህ ትርጉም ነው ወይስ ማብራሪያ?» ብሎኝ ያውቃል። አንባቢው ትክክለኛውን ቁጥር ከሞላ ትርጉም ነው። ቃል በቃል ሄዶ ሰውን የሚያሳስተው ነው ትርጉም ሊባል የማይገባው።

እግረ መንገዴን፣ «አለት» የሚለውንም ቃል በጥንቃቄ ያዙት። ፎርማኑ ዶማው ካልገባለት «አለት ነው» ይላል። ስፔሲፊኬሽኑ ግን አለትን የሚለየው በአቆፋፈሩ ነው። በተራ መሣሪያ የማይነሳ፣ መስበሪያ ወይም ፈንጂ የሚጠይቅ ሲሆን ነው። ፍቺው የተጻፈበትን አንቀጽ ቁጥር በረድፉ ውስጥ ጥቀሱ። «ድንጋያማ መሬት» የሚል አማርኛ አትጠቀሙ፤ በጎንደር ዙሪያ ድንጋያማ ያልሆነ ስንት መሬት አለና።

«ነጠላ ዋጋው ያካትታል» የሚለው ረጅም አንቀጽ ለምን ያስፈልጋል? ቆርጬ ባሳጥረውስ?

እኔ አሳጥሬው አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ስሙን የማልጠራው አንድ ቢሮ የሥራ ዝርዝሩን በአንድ ሳምንት አድርስልን አለኝ። በቁፋሮው ረድፍ ላይ «ጉድጓዱን ከውሃ ነጻ አድርጎ መያዝን ጨምሮ» የምትል ሐረግ ነበረች። የሠንጠረዡ ሳጥን ጠባብ ነበር፣ አማርኛው ደግሞ ይረዝማል። ስፔሲፊኬሽኑ ውስጥ አለ ብዬ ሐረጓን ተውኳት። ስፔሲፊኬሽኑን ግን እንድተረጉም አልታዘዝኩም ነበር፤ እሱ በእንግሊዝኛ እንዳለ ተያይዞ ሄደ።

ሥራው የተጀመረው ወንዙ ገና ሳይጎድል ነው። ጨረታውን ያሸነፈው ማኅበር ሊቀመንበር ፓምፕ ተከራይቶ ስድስት ቀን ውሃ ሲያወጣ ሰነበተ። ክፍያ ሲጠይቅ መሐንዲሱ የእንግሊዝኛውን ገልጦ አሳየው፤ የውሃ ማውጣት ዋጋ በቁፋሮው ውስጥ ነው፣ ለብቻው አይከፈልም። ሰውዬው የአማርኛውን ወረቀት ይዞ ቢሮዬ መጣ። አልተቆጣም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ እስቲ የቱ ጋ እንዳለ አሳየኝ» አለኝ። የትም አልነበረም።

ስለዚህ «ያካትታል» የሚለው ክፍል ገንዘብ ነው። በካልቨርት ሥራ ላይ በብዛት የሚገኙት ውሃ ማውጣትና ወንዙን ለጊዜው ማቀየስ፣ የጉድጓዱን ግድግዳ ደግፎ መያዝ፣ ትርፍ አፈሩን ማራቅ፣ የትራፊክ ማለፊያ ማበጀት ናቸው። ከእነዚህ አንዱ የራሱ ረድፍ ካለው ለብቻው ይከፈላል፤ ከሌለው ደግሞ በሌላ ረድፍ ዋጋ ውስጥ ተደብቋል። ሳጥኑ ከጠበበ ፊደሉን አሳንሱት ወይም ገጹን አግድም አዙሩት። ሐረጉን ግን አትንኩት።

የሙሌቱ አንቀጽ «በ150 ሚሊ ሜትር ንብርብር» ይላል። ምን የሚያሻማ ነገር አለው?

150ው የሚለካው መቼ ነው? አፈሩ ሲደፋ ወይስ ከተጠቀጠቀ በኋላ? «በ150 ሚሊ ሜትር ውፍረት እየተደፋ ይጠቀጠቃል» ብላችሁ ከተረጎማችሁ ሲደፋ ማለት ነው፤ ሲጠቀጠቅ ውፍረቱ ይቀንሳል። እንግሊዝኛው «ከተጠቀጠቀ በኋላ ከ150 የማይበልጥ» ካለ ግን ሲደፋ ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። በአንደኛው አነጋገር ተቋራጩ ያለ ምክንያት ብዙ ዙር ይጠቀጥቃል። የተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል። ሰነዱ ሲደፋ 150 ብሎ ሳለ ትርጉሙ ከተጠቀጠቀ በኋላ ካስመሰለው፣ ወፍራም ንብርብር ይደፋል፣ በእጅ የሚያዘው ትንሽ መጠቅጠቂያም ከሥር ያለውን አይደርስበትም።

ይህ ሲሆን ምልክቱ ከአንድ ክረምት በኋላ ይታያል። ፓይፑ ባለበት መንገዱ ደህና ሆኖ በግራና በቀኙ ይሰምጣል፤ አውቶቡስ ሲያልፍ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ይዘላል። ከጎንደር ወጣ ብሎ የተጓዘ ሁሉ ያችን ዝላይ ያውቃታል።

«ከ150 የማይበልጥ» እና «150» አንድ አይደሉም። እንግሊዝኛው ጣሪያ ካስቀመጠ አማርኛውም ጣሪያ ያስቀምጥ። ደግሞም ሙሌቱ በፓይፑ ሁለት ጎን እኩል ከፍ እያለ እንዲሄድ የሚያዘው ሐረግ «በሁለቱም በኩል ይሞላል» ተብሎ ሲያጥር አይቻለሁ። «በሁለቱም በኩል» ብቻ ከሆነ አንዱን ጎን ጨርሶ ወደ ሌላው መዞርም ትዕዛዙን ማክበር ነው። ያኔ ፓይፑ ወደ ባዶው ጎን ይገፋል፣ መጋጠሚያውም ይከፈታል። «በሁለቱም ጎን በአንድነት፣ ከፍታው እኩል እንደሆነ» ብላችሁ ጻፉት።

የጥቅጠቃውን መቶኛ እንዴት ልጻፍ? «95 በመቶ ይጠቅጠቅ» ይበቃል?

የምኑ 95 በመቶ? መቶኛው የሚሰላው ላቦራቶሪ ውስጥ ከተገኘው ከፍተኛ ደረቅ እፍጋት ነው። ላቦራቶሪው የሚጠቀምባቸው ሁለት ሙከራዎች አሉ። አሽቶ ቲ 99 በቀላል መዶሻ፣ አሽቶ ቲ 180 በከባድ መዶሻ ይመታል። ከባዱ መዶሻ ያንኑ አፈር የበለጠ ስለሚያጠብቀው የቲ 180 ዘጠና አምስት በመቶ ከቲ 99 ዘጠና አምስት በመቶ ይከብዳል። የቲ 180 መለያ የሆነችው «ሞዲፋይድ» የምትለዋ ቃል በትርጉም ስትጠፋ መሥፈርቱ ይወርዳል። የሙከራውን ስምና ቁጥር እንዳለ አስቀምጡት፣ ለመተርጎም አትሞክሩ።

የሙሌቱን ዕቃ «ገረጋንቲ» ብዬ ብጽፍ?

በቃሉ ሳይት ላይ ሁሉም ይግባባል፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ብቻውን ግን አልተወውም። ገረጋንቲ የሚባለው ከየትኛውም ኮረብታ ጥግ የተቆረጠ ሊሆን ይችላል፤ ስፔሲፊኬሽኑ የሚጠይቀው ደግሞ በሙከራ የተገለጸ ዕቃ ነው። የፕላስቲክነት መጠኑ ከዚህ ያልበለጠ፣ ሲቢአር የሚባለው የመሸከም አቅም መለኪያው ከዚህ ያላነሰ እያለ ይቀጥላል። «በአንቀጽ እንትን የተገለጸውን መሥፈርት የሚያሟላ ገረጋንቲ» ስትሉ ሁለቱም ይያዛል።

በተለይ ለደምቢያ ሜዳ ይህ ዋዛ አይደለም። ከጉድጓዱ የሚወጣው አብዛኛው ዋልካ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ በፓይፑ ዙሪያ አይመለስም። የሥራ ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ ሁለት የሙሌት ረድፍ አለው፤ አንዱ ከተቆፈረው ዕቃ፣ ሌላው ከውጭ ከሚመጣ። ሁለቱን «ሙሌት» ብላችሁ በአንድ ስም ከተረጎማችሁ ተጫራቹ ርካሹን ዋጋ በሁለቱም ላይ ይደግመዋል።

ኮንክሪቱ «25/20» ይላል፤ ሌላ ሰነድ ላይ ደግሞ «ሲ 25/30» አየሁ። አንድ ናቸው?

አይደሉም። በመንገድ ስፔሲፊኬሽን «25/20» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው በ28 ቀን የሚደረስበት ጥንካሬ በሜጋ ፓስካል፣ ሁለተኛው የትልቁ ጠጠር መጠን በሚሊ ሜትር ነው። በአውሮፓው ደረጃ «ሲ 25/30» ሲባል ግን ሁለቱም ጥንካሬ ናቸው፤ 25ቱ በሲሊንደር፣ 30ው በኩብ ሲለካ። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የኮንክሪት ኮድ «ሲ 25» የሚለው ደግሞ በኩብ የተለካውን ነው። አንዳንዱ «ሁለተኛው ቁጥር ከበለጠ ጥንካሬ ነው፣ ካነሰ ጠጠር ነው» ይላል። አትመኑት፤ 38 ሚሊ ሜትር ጠጠር የሚፈቅድ ሰነድ «20/38» ሊጽፍ ይችላል። የአማርኛው ረድፍ ላይ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጣችሁ፣ ከጎኑ «የ28 ቀን ጥንካሬ 25 ሜጋ ፓስካል፣ ትልቁ ጠጠር 20 ሚሊ ሜትር» ብላችሁ ጻፉ፤ ይህን የምታደርጉት ግን ፍቺውን ከስፔሲፊኬሽኑ ካረጋገጣችሁ ብቻ ነው።

«ሻል» እና «ሜይ» በአማርኛ እንዴት ይለያሉ?

ለግዴታው «ተቋራጩ ያደርጋል» ወይም «ማድረግ አለበት» እላለሁ። ለፈቃዱ «ማድረግ ይችላል»። ከሁለቱ ይልቅ የሚያስቸግረኝ አድራጊ የሌለው አማርኛ ነው። «ናሙና ይወሰዳል» ስንል ማን ነው የሚወስደው? ማንስ ነው የላቦራቶሪውን የሚከፍለው? እንግሊዝኛው ተቋራጩ ካለ አማርኛውም ተቋራጩ ይበል። «መሐንዲሱ ባጸደቀው» እና «መሐንዲሱ ባዘዘው» የሚሉትንም አታቀላቅሉ። በመጀመሪያው ሐሳቡን የሚያቀርበው ተቋራጩ ነው፤ በሁለተኛው መሐንዲሱ ራሱ ነው የሚነሳው፣ ከትዕዛዝ በኋላም የክፍያ ጥያቄ ሊከተል ይችላል።

ቀን፣ ሰዓትና ፊደል ላይ ምን ልጠንቀቅ?

የጨረታ መክፈቻው በእንግሊዝኛው ከጠዋቱ 10:00 ካለ በእኛ 4:00 ሰዓት ነው። «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» የሚለውን ሁልጊዜ ጨምሩ፣ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ዘግይቶ የመጣ ፖስታ ሳይከፈት ነው የሚመለሰው። ፊደሉን በዩኒኮድ ሥሩ። በድሮው የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ይሆናል። ከሠንጠረዥ ወደ ሠንጠረዥ ሲገለበጥ ደግሞ የሜትር ኩብ ትንሿ 3 ትወርዳለች ወይም ትጠፋለች። ለዚህ ነው እኔ «ሜትር ኩብ» ብዬ በቃል የምጽፈው።

ሰነዱ ከተሸጠ በኋላ ስህተቴን አገኘሁት። ምን ላድርግ?

ዕለቱን ለገዥው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አሳውቁ። የረድፉን ቁጥር፣ የተጻፈውንና መጻፍ የነበረበትን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ማሻሻያውን የሚያወጣው መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሰነዱን ለገዙ ተጫራቾች ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚያደርሰው፣ ጊዜ ካጠረም መክፈቻውን ሊያራዝም ይችላል። የምታውቁት ተጫራች ደውሎ «ያቺ የአለቷ ነገር እንዴት ናት?» ቢላችሁ፣ ዘመድም ይሁን ጎረቤት፣ በቃል አትመልሱለት። ለእሱ ብቻ የተነገረ ማብራሪያ ለሌላው ተጫራች አቤቱታ ይሆናል። ጥያቄውን ጽፎ ለመሥሪያ ቤቱ እንዲያስገባ ንገሩት፤ መልሱ ለሁሉም ይወጣል። ከመክፈቻው በኋላ ከተገኘ ግን ሞልቶ የገባውን ዋጋ መንካት አይቻልም። ያኔም ቢሆን ደብዳቤውን ጻፉ። እኔ ለዚያ ለማኅበሩ ሊቀመንበር የጻፍኩት ደብዳቤ የስድስት ቀኑን የፓምፕ ኪራይ አላስመለሰለትም፤ በሚቀጥለው ዓመት በወጣው ሰነድ ላይ ግን ሐረጓ በቁፋሮው ረድፍ ውስጥ ነበረች፤ ገጹ አግድም ዞሮ።